ድመቷ ዓሣውን የተወችው ቀብጣ አይደለም
«ዓሣ ሳበስል እየጮኸች ትመጣለች፤ ሳቀርብላት አሽትታ ትመለሳለች። ድመቴ ቀበጠች ወይስ ታማለች?»

መጀመሪያ አፏን ይጠርጥሩ። ወደ ሳህኑ የሮጠች ድመት ርቧታል፤ ያቃታት ማኘኩ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሰው «የቆሮሶ ራስ የምትቆረጥም ድመት ጥርሷ አይታመምም» ይላል። እኔ አልስማማም። አጥንት ድድ ሥር የገባውን ቆሻሻ አያወጣም፤ ቀጭን እሾህ ደግሞ ላንቃ ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስለዚህ አበላሏን ይከታተሉ። ጭንቅላቷን አዘንብላ በአንድ ጎን ብቻ ታኝካለች? የጎረሰችው ይወድቅባታል? ፀጉሯን መላስ ትታ ተንጨባሯል? እነዚህ ከአፍ ሽታ ጋር ሲመጡ ድዷ አሟታል ማለት ይቻላል። ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠና ምራቋ ከተዝረከረከ ግን የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ስለሚችል እጅዎን ወደ አፏ አያስገቡ፤ ቀጥታ ሐኪም ይጥሩ።

ረጋ ያለች ከሆነች መንጋጋዋን ሳይከፍቱ የላይኛውን ከንፈሯን በጎን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቦታ ቀይ መስመር ካለ ድዱ ተቆጥቷል፤ ይህ ገና ሊመለስ ይችላል። ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ከታየ ግን የጠፋው አይመለስም። ጥርሱ ላይ ድድ የወጣበት የሚመስል ሮዝ ነጥብ ካዩ ጥርሱ ራሱ እየተበላ ነው። ይህ በድመት ላይ የተለመደ ነው፤ ብሩሽ አያድነውም፣ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ መንቀል ነው።

መቦረሽ የሚጀመረው ድዱ ካልታመመ ብቻ ነው። የታመመውን የቦረሹባት ድመት ዳግም አታስነካዎትም። የመጀመሪያውን ሳምንት በጣትዎ ከንፈሯን መንካት ብቻ ያለማምዷት። ቀጥሎ ጣትዎ ላይ የተጠቀለለ እርጥብ ፋሻ፣ ከዚያ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ይከተላል። የውጩን ገጽ ብቻ፣ ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ፣ በየጎኑ 30 ሰከንድ ያህል በየቀኑ ይበቃል። ቆሻሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚደድር በሳምንት አንዴ መቦረሽ ብዙም አይረዳም። የሰው የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ ድመት መትፋት አትችልም፣ ትውጠዋለች።

የደደረውን ቡናማ ቅርፊት በቤት መፋቅ አይገባም። የላዩ ሲነጣ የታመመው ከድዱ ሥር ይቀራል። ትክክለኛው የጥርስ እጥበት ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላት፣ ከድድ በታችም የሚጸዳበት ነው፤ ሥሩን የሚያሳየው ደግሞ ራጅ ነው። ሐኪሙን ከቀጠሮው በፊት እነዚህን ይጠይቁ። በዕድሜ ለገፋች ድመት የኩላሊት ምርመራ ይቅደም።

እስከዚያው ዓሣውን ቀቅለው እሾሁን ለቅመው፣ አድቅቀው፣ ለብ አድርገው ይስጧት። ፓራሲታሞል በፍጹም አይስጡ፤ የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል ይገድላታል። ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች እጥበቱን አይጠብቁ፤ በረሃብ ምክንያት ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።