የእግር መንገድ ስሌት ከበሩ ይጀምር

አንድ ሰፈር ለትምህርት ቤት ወይም ለክሊኒክ ቅርብ ነው የተባለው በካርታ ላይ በተሳለ ክብ ውስጥ ስለወደቀ ብቻ ከሆነ፣ ቅርበቱ ለአሞራ እንጂ ለእግረኛ አይደለም። በደቂቃ 80 ሜትር የሚራመድ ሰው በ15 ደቂቃ 1,200 ሜትር ይሄዳል፤ በዚሁ ርቀት የሚሳል ክብ 4.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። መንገዶቹ ሁሉ ቀጥ ብለው በሚቋረጡበት፣ ወንዝም አጥርም በሌለበት ሰፈር እንኳ፣ እግረኛው እየታጠፈ ስለሚሄድ የሚደርስበት ስፋት 2.9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከክቡ ሲሶ የሚበልጠው ከጅምሩ ሐሰት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የአገልግሎት ክልሉን፣ ማለትም በእግር የሚደረስበትን ስፋት፣ በመንገድ መረብ ላይ ማስላት ተገቢ ነው። ይሁንና ብዙም የማይታየው፣ በእኔ ግምት ግን የከፋው ስህተት፣ ስሌቱ የሚነሳበት ነጥብ ነው። ክሊኒኩ በካርታው ላይ የግቢው መሀል ላይ በተቀመጠ ነጥብ ይወከላል፤ ሶፍትዌሩም ይህን ነጥብ በአቅራቢያው ካለው መንገድ ጋር ያያይዘዋል። በሩ በደቡብ ሆኖ ቅርቡ መንገድ ከሰሜኑ አጥር ጀርባ የሚያልፍ ከሆነ፣ ስሌቱ ግንቡን እንደሌለ ቆጥሮ ይነሳል። ከኋላው መንገድ ዞሮ በሩ ለመድረስ 900 ሜትር ያስፈልጋል እንበል። ከዚያ መንገድ በስተሰሜን 700 ሜትር ርቆ የሚገኝ ቤት በካርታው ላይ የ9 ደቂቃ መንገድ ይመስላል፤ ታማሚው ግን 1,600 ሜትር፣ ማለትም 20 ደቂቃ ይራመዳል፤ ያውም ጤነኛ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት። መፍትሔው ነጥቡን ወደ በሩ ማዛወር ነው፤ በሮቹ ብዙ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ ውጤቶቹን ማዋሃድ ይቻላል፤ ሁልጊዜ የሚቆለፈው በር ግን ከበር አይቆጠርም።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። QGIS በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው "Service area (from point)" የተባለ መሣሪያ የሚያወጣው ፖሊጎን፣ ማለትም ዙሪያው የተዘጋ ቅርጽ፣ ሳይሆን በተባለው ርቀት ውስጥ የሚደረስባቸውን የመንገድ መስመሮች ነው። እነዚህን ወደ ፖሊጎን ለመቀየር ዳር ዳር ያሉትን ጫፎች በቀጥታ ማገናኘት ቀላል ቢሆንም፣ ድልድይ የሌለው ገደል በመካከል ካለ ማዶ ያለው ሰፈር ማንም ሳያውቅ አብሮ ይጠቃለላል። ከዚህ ይልቅ በየመስመሩ ግራና ቀኝ 50 ሜትር ያህል ማስፋት ይሻላል። ቅርጹ እንደ ቅርንጫፍ የተበጣጠሰ፣ ለአቀራረብ የማያምር ይሆናል፤ ቢሆንም የሚደረስበትን ብቻ ያሳያል። ካርታውን የሚረከብ መሥሪያ ቤት ከፖሊጎኑ ጋር መስመሮቹንም ይጠይቅ፤ ሁለቱን ደርቦ ሲያይ በፖሊጎኑ ውስጥ ሆነው ከየትኛውም መስመር የራቁ ቤቶች ካገኘ፣ እነዚያ ቤቶች የተቆጠሩት ያለ መንገድ ነው።