«አንደኛ ደረጃ» ቀለም

ለሱቁ የደንበኞች አገልግሎት፣

ከእናንተ የገዛሁት ባለ 4 ሊትር ጣሳ ፊቱ ላይ በጉልህ «አንደኛ ደረጃ ቀለም» ይላል። አምኜ ገዛሁት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳሎኔን ቀባሁበት። በሦስተኛው ቀን ልጄ ግድግዳው ላይ ያሳረፈችውን የእጅ አሻራ በእርጥብ ጨርቅ ብወለውለው፣ እድፉ ከመልቀቅ ይልቅ ጭራሽ ወደ ውስጥ ሰርጎ ገባ። ጣሳውን አዙሬ፣ ከጀርባው በጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈውን ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፦ ፕራይመር።

ፕራይመር አንደኛ ደረጃ ማለት አይደለም! ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ነው። ሥራው ግድግዳው ቀለም እንዳይመጥ መከላከልና የሚቀጥለውን ቀለም አጥብቆ መያዝ እንጂ እድፍንና እጥበትን መቋቋም አይደለም። ተርጓሚው ገምቶ ይሆናል፤ ግን ከእናንተ መካከል ቀለም የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ጣሳውን ሳያየው መደርደሪያ ላይ ወጣ?

ስደውል ደግሞ «የተከፈተ አንመልስም» ተባልኩ። ሳልከፍተው በምን ልቀባው ኖሯል?

የምጠይቀው ዋናውን ቀለም በዚሁ ልክ እንድትሰጡኝ ነው። መነሻውንማ፣ ሳላውቀው፣ ጨርሼላችኋለሁ። የቀሩትን ጣሳዎች መለያም ዛሬውኑ አስተካክሉ። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።