የሥራ ልምድ ማስረጃ፦ አንድ እርማት

«ሳያስጠነቅቅ የለቀቀ ሠራተኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ አይሰጠውም፤ መብቱ ቀርቷል።»

አልቀረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ማስረጃውን በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚጻፈውም የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ሲከፈል የነበረው ደመወዝ ነው። «ሳያስጠነቅቅ ጠፋ» የሚል ሐረግ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያልሰጠ ሠራተኛ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያ ግን ራሱን የቻለ የገንዘብ ክርክር ነው፣ ወረቀት መያዣ አይሆንም። ብዙ የሰው ኃይል ክፍሎች ሁለቱን ሆን ብለው የሚያደባልቁ ይመስለኛል።

ምስጉን ነው የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አሠሪው ከፈለገ ይጽፋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ስለዚህ ማመልከቻህ ላይ «የሥራ ልምድ ማስረጃ» ብለህ ጠይቅ፤ ግልባጩን ተቀባዩ ፈርሞበት ያዝ።