የእህቴ ልጅ ስግብግብ አይደለችም

“ነጻ ገንዘብ የሚያምረው ሰው ነው የሚጭበረበረው። ለማያውቀው ሰው በገዛ እጁ ልኮ ሲያበቃ ባንክ ይመልስልኝ ይላል።”

ባለፈው እሁድ በአንድ የዲሲ አካባቢ የሐበሻ የቀጥታ ስርጭት ላይ የቀረቡ እንግዳ ናቸው በሐሰተኛ ሥራና ቼክ ስለተታለሉ ሰዎች እንዲህ ያሉት። ስሰማቸው ደሜ ፈላ።

የትኛው ነጻ ገንዘብ? የእህቴ ልጅ የፈለገችው ሥራ ነው። በሰዓት 24 ዶላር የሚከፍል፣ ቤት ተቀምጣ ዳታ የምታስገባበት ሥራ። ሲቪዋን የሥራ ድረ ገጽ ላይ አስገብታ ነበር። ቴክስት መጣላት፤ ቃለ መጠይቁ ሲግናል በሚባለው የመልእክት መላላኪያ አፕ ላይ ነው ተባለች። አርባ ደቂቃ ሙሉ በጽሑፍ ጠየቋት። ድምፅ የለም፣ ፊት የለም። በማግስቱ ሎጎ ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ደረሳት። ኩባንያው በእርግጥ ያለ ኩባንያ ነው። ሌቦቹ ስሙን ነው የወሰዱት።

ቀጥሎ የዕቃው ጉዳይ መጣ። ላፕቶፕና ፕሪንተር “ከእኛ አቅራቢ” መግዛት አለብሽ አሏት። አንዳንዱን ሰው ከኪስህ ግዛ፣ ከመጀመሪያው ደመወዝህ ጋር እንመልስልሃለን ይሉታል። እሷ ግን ገንዘብ የለኝም አለቻቸው። ችግር የለውም፣ አስቀድመን እንልክልሻለን አሉና የ3,480 ዶላር ቼክ በፒዲኤፍ ላኩላት። አትመሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ዴፖዚት አድርጊ አሏት።

አሁን እኚያ እንግዳ ልብ ብለው ይስሙኝ። ልጅቷ ዝም ብላ አልላከችም። ጠበቀች። ሂሳቧ ውስጥ የራሷ 410 ዶላር ነበር። በማግስቱ የባንኩን አፕ ስትከፍት “አቬይለብል ባላንስ” 3,890 ይላል። ባንኩ ራሱ ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ተጠቀሚበት አላት። ከዚህ በላይ ምን ታጣራ? ያኔ ነው ለ“አቅራቢው” ከባንክ ሂሳብ ወደ ሂሳብ ወዲያው በሚያስተላልፈው ዜል የላከችው። የቀን ገደብ ስላለ ለሁለት ክፈይው አሏት፤ አንድ ቀን 1,600፣ በማግስቱ 1,550። ቀሪውን 330 ለኢንተርኔት ያዢው አሏት። አቅራቢ የሚባል ነገር የለም። ያው ሌባው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ቼኩ ተመለሰ። ባንኩ 3,480ውን መልሶ ወሰደ። ሂሳቧ ውስጥ የቀረው 740 ስለነበር፣ 2,740 ዶላር ዕዳ ውስጥ ገባች።

ተንኮሉ ሁሉ ያለው በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ ባንኮች የደንበኛን የቼክ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ እንዳይዙ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት ቼኩ ተጣራ ማለት አይደለም። ቼኩ ገና ወደ ከፋዩ ባንክ እየሄደ ነው። ሐሰተኛ መሆኑ ታውቆ እስኪመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። ቼኩ ላይ የእውነተኛ ድርጅት ስምና የሂሳብ ቁጥር ሲታተም ደግሞ የበለጠ ሊዘገይ ይችላል። ባንኩ ይህን ልቅም አድርጎ ያውቃል። ሌባውም ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ነች። ታዲያ ባንኩ ለምን ያንን ቁጥር እንደ ሌላው ገንዘብ አድርጎ ያሳያታል? “ይህ ገንዘብ ገና ያልተጣራ ቼክ ነው፤ ከተመለሰ ከፋይዋ አንቺ ነሽ” የምትል አንዲት መስመር ከቁጥሩ ሥር መጻፍ ምን ይከብዳል? ሰው ሲልክ “ተቀባዩን ታውቂዋለሽ?” ብሎ መጠየቅ ያውቁበታል። ያ እኮ ጥፋቱን ወደ እሷ ለማዞር እንጂ እሷን ለማዳን አይደለም! የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕጉም ሌላ ሰው ሳታውቂ ሲወስድብሽ ነው የሚከላከልልሽ። ተታለሽ ራስሽ ከላክሽ፣ አንቺ ፈቅደሻል ይሉሻል።

አዎ፣ ለኩባንያው መደወል ነበረባት። ቁጥሩን ከደብዳቤው ሳይሆን ከራሱ ድረ ገጽ አውጥታ ብትደውል በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ቼክ ልኮ “ከዚህ ሰው ግዢ” የሚል ቀጣሪ እንደሌለም አሁን ታውቃለች። ይህን ግን ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያ ሥራዋን ለምትፈልግ፣ ማን ነገራት? እኚያ እንግዳ ማይክ ይዘው ሳለ ይህን መንገር ይችሉ ነበር። ስድብ መረጡ።

ባንኩ ሂሳቧን ዘጋው። ዕዳውን ባንኮች የደንበኛን ታሪክ የሚያዩበት ቼክስሲስተምስ የሚባል መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ እዚያ አምስት ዓመት ይቆያል። ሁለት ባንክ ሂሳብ ልክፈት ብላ ሄዳ ሁለቱም መለሷት። ባለፈው ወር እውነተኛ ሥራ አገኘች። ላፕቶፑ በፖስታ ተልኮ እቤቷ ድረስ መጣላት፣ ዕቃው ሲመለስ የሚታሸግበት ካርቶን ጭምር። አንድ ሳንቲም የጠየቃት የለም። ደመወዟን ግን በወረቀት ቼክ ነው የምትቀበለው። በየሁለት ሳምንቱ አርብ አርብ ቼክ መዘርዘሪያ ሱቅ ተሰልፋ፣ የራሷን ገንዘብ ለማውጣት ኮሚሽን ትከፍላለች።