ውዳሴ ለአስጨባጩ አለቃ

ባለፈው ማክሰኞ ከዓመት በላይ የቆየ ጠብ በ12 ደቂቃ ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። እንዲህ ያለ ጥበብ ሳይወደስ ቢቀር ነውር ነው።

ባለጠቦቹ ወርሃዊውን ሪፖርት «በጋራ» የሚያዘጋጁ ሁለት ባልደረቦቻችን ናቸው። እሷ ቁጥር ትሰበስባለች፣ እሱ ይጽፋል። ቁጥሩን ማን ያመሳክራል? በጋራ። ስህተት ሲገኝ ማን ይጠየቃል? እሱም በጋራ። «በጋራ» የምትለዋን ቃል የፈጠረ ሰው ለአለቆች ትልቅ ውለታ ውሏል። ስም ከመጻፍ ገላግሏቸዋል።

አለቃችን ሁለቱን አንድ ላይ ጠራ። ለየብቻ ቢያነጋግራቸው እውነቱን ሊነግሩት ይችላሉ፤ እውነት ደግሞ ስብሰባ ያስረዝማል። እኛን ለታዳሚነት ደረደረንና «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ብሎ ጀመረ። እሷ «ቁጥሩ የሚደርሰኝ...» ስትል «ያለፈውን አናንሳ» አላት። እሱ «ታዲያ ቀጣዩን ወር...» ሲል «አሁን እንዲያው ሰላም እናውርድ» አለው። ያለፈው አይነሳ፣ የሚመጣው አይነሳ፤ ለወሬ የቀረ ነገር ጠፋ። ከዚያ ብይን ሰጠ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ አጥፍታችኋል።» ምን እንዳጠፉ ግን አልነገራቸውም። ምስጢር ጠባቂ ነው።

ከዚያ «ተጨባበጡ!» አለ። ተጨባበጡ። «እንደሱ አይደለም፣ ከልብ!» ደግመው ተጨባበጡ። ፎቶ አንሺው የክፍሉ ብርሃን አልተስማማውምና ወደ መስኮቱ ወሰዳቸው። ሦስተኛ። አለቃችን የራሱን እጅ ከላይ ጫነበት። አራተኛ። ፀሐፊዋም እጇን እንድትጨምር ተጋበዘች። በመጨረሻ የማን እጅ የማን እንደሆነ የማይለይበት ክምር ሆነ። ልክ እንደ ሪፖርቱ።

ቀልዱ ይቅርና፣ ይህ ግፍ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሥራ ላይ አስረህ፣ ወሰኑን ሳታሰምር ትተህ፣ ሲጋጩ «ጠባያቸው አይገጥምም» ትላለህ? ወሰኑን ማስመር ያንተ ሥራ ነበር። ደሞዝ የምትበላበት ሥራ! አንተ ፎቶ ስትመርጥ እሷ እስከ ማታ ተቀምጣ ቁጥር ታርማለች፤ እሱ በሰው ፊት «ሰነፍ» እየተባለ ይውላል።

ይቅርታ፣ ወደ ውዳሴው ልመለስ። የጥበቡ ልክ የሚታወቀው ጥበብ ካልታደሉት ጋር ሲተያይ ነው። አለቃችን እረፍት በወጣባቸው ሁለት ወራት ምክትሏ የሠራችውን ልንገራችሁ።

ሁለቱን ለየብቻ 45 ደቂቃ አነጋገረች። ያውም ያለ ፎቶ! «ስለሱ ምን ይሰማሻል?» አላለችም። «ባለፈው ወር የሆነውን ከሰኞ ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች። እሱንም እንዲሁ። ስድብ ወይም ማስፈራራት ካለበትም በዚሁ ይታወቃል፤ ያ ቢኖር ፊት ለፊት አታስቀምጣቸውም ነበር።

የሁለቱን ወሬ ጎን ለጎን ስትጽፈው ጉዱ ወጣ። እሱ ለጽሑፍ የመደበው ረቡዕ ጠዋትን ነው። ቁጥሩ ደግሞ ለእሷ የሚደርሳት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ይህን ማንም ለማንም አልነገረም። በዚያ ላይ እሷ «መጨረሻ የሚያነበው እሱ ስለሆነ እሱ ያመሳክራል» ብላለች። እሱ «ምንጩ እሷ ጋ ስለሆነ እሷ ታመሳክራለች» ብሏል። ሁለቱም ሐቀኛ ናቸው፤ ያመሳከረ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ላይ ያስቀመጠቻቸው። እያንዳንዱ መጀመሪያ የሌላውን ችግር ተናገረ፣ ባለችግሩ «አዎ፣ እንደሱ ነው» እስኪል ድረስ። እሱ ሁለቴ ተሳስቶ በሦስተኛው ነው የተሳካለት። ቀጥሎ አንድ ወረቀት ላይ አራት ሥራ ጻፉ፤ መሰብሰብ፣ ማመሳከር፣ መጻፍ፣ መላክ። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ስም ብቻ። ማመሳከሩ ምንጩ ወዳለበት፣ ወደ እሷ ሄደ። ርክክቡ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ሆነ። የሚዘገይ ነገር ካለ ደግሞ ረቡዕ 10 ሰዓት ላይ ይነገራል፤ ሐሙስ ማታ አይደለም። የመጀመሪያው ሪፖርት በወጣ ማግስት ምክትሏ ለ15 ደቂቃ ጠርታ «የቱ መስመር አልሠራም?» አለቻቸው። የርክክቡን ሰዓት በአንድ ሰዓት ገፉት። አለቀ።

ሁለት ሪፖርት በሰዓቱ ወጣ። ቢሮው ጭር አለ። የሚታረቅ ጠፋ።

ደግነቱ አለቃችን ተመለሰ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አይቶ «ይሄ የቡድን መንፈስ ይጎዳል፤ ሰው ለየብቻ ስሙ ይጻፋል እንዴ?» አለ። አራቱንም ስም ሰርዞ በገዛ እጁ «በጋራ» ብሎ ጻፈ። የዚያ ወር ሪፖርት አራት ቀን ዘገየ። የማክሰኞው መጨባበጥ የመጣው በዚህ ነው።

ፎቶው ያምራል። ቀጣዩ ሪፖርት የፊታችን ዓርብ መውጣት አለበት፤ ፎቶ አንሺው ከወዲሁ ተነግሮታል።