ሃምሳመት

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ግጥም ላከልኝ። ለአባባና ለእማዬ ሃምሳኛ የጋብቻ ዓመት እኛ ልጆቻቸው የምንዘፍነው ነው። አጀማመሩ ይኸውላችሁ፦

«ሃምሳ ዓመት ሞላችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።»

ሃምሳን በአራት ቀይሩት፤ ለምረቃ ይሆናል።

እዚሁ ጎንደር ላነጋገርኩት አዝማሪ አነበብኩለት። ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ አቆመ። «የፊተኛው ይረዝማል» አለ። በጣቴ ብቆጥር እውነቱን ነው፤ ፊተኛው ሰባት ቀለም፣ ኋለኛው ስድስት። ሳይጨነቅ «ሃምሳመት ሞላችሁ» ብሎ አንዷን «ዓ» ዋጣት፤ ልክ ገባ። ወንድሜ በስልክ ሰምቶ «ቃሌን አበላሸው! ደግሞ ማሲንቆ ምን ያደርጋል? ኦርጋን ይዤ እመጣለሁ» አይለኝም?

ኦርጋን! በእኔ ሰርግም ያመጣው እሱ ነው። ገና ሙሽሮቹ ሳንቀመጥ መብራት ጠፋ፤ አክስቶቼ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት በጭብጨባ ብቻ ሲያዜሙ አመሹ። ስምንት ዓመት አለፈው። አልረሳሁለትም።

አንድ ነገር ግን ልመንለት፤ «ላችሁ»ን መምረጡ። አባባን «አንቱ» እንላለን፣ እማዬን «አንቺ»። ለየብቻ ስንኝ ብንሰጣቸው እሱ ከነማዕረጉ ወንበሩ ላይ፣ እሷ ጓዳ ልትቀር ነው። «ላችሁ» ሲባል እኩል ይቀመጣሉ።

መቼም «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ያልወደድኩት በየሰርጉ የሚተርቱት ሽማግሌዎች እንስራውን ማን እንደተሸከመ አለመናገራቸውን ነው። በእኛ ቤት እማዬ ናት። ጀርባዋ ይመሰክራል። ባሕሩን የሚያወድሰው ሁልጊዜ ያልቀዳው ሰው ነው!

ደግሞ አይስማሙም። ሰርጉ በ1968 ጥር እንደነበረ ያምናሉ፤ እሱ ከአስተርዮ ማርያም በኋላ ነው ይላል፣ እሷ በፊት። «የጠላውን ጌሾ የወቀጥኩ እኔ፤ አንቱ ምን ያውቃሉ?» ትለዋለች። እሱ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይስብና ግድግዳ ያያል። እኛ ልጆች በዓሉን ጥር 21፣ በአስተርዮ ዕለት፣ መሃል ላይ አደረግነው። አሁን ሁለቱም ተቀይመዋል።

እናም የወንድሜን ቤት መምቻ ሳልነካ እኔም ለአዝማሪው አቀበልኩት፦

እኛማ አደግን በዚያ በጥላችሁ፣
ሌላ ሃምሳ ዓመት ይጨመርላችሁ።

ሰሙ ዛፍ ነው። ወርቁን የፈለገ እኛ ቤት አንድ ቅዳሜ ቡና ይጠጣ።

አዝማሪው ሲሞክረው እማዬ ሰምታ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አባባ «አሜን» አለ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ቀጥሎ «የቱን ጥላ ነው?» አለኝ።

ዘፈኑ አንድ ስንኝ ላይ ቆሟል። ለኦርጋኑ ግን ወንድሜ ቀብድ ከፍሏል።