እርማት፦ ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም

«አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ቤቷን ለአራታችን እኩል ማካፈል ትፈልጋለች። በሁለት ሽማግሌዎች ፊት በቃሏ ከተናገረች ይበቃል፣ ወረቀት አያስፈልግም ይባላል፤ አይደል?»

አይደለም ወንድሜ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ይደረጋል፤ ነገር ግን ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከኖረም ይፈርሳል።

ለቤቱ በግልጽ የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ ይሻላል። እርሳቸው እየተናገሩ ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችላል። ከዚያ በእናትህና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ግን በአንድ መስመር ጉድለት ነው፦ መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለባቸው። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈረመ» ይባል፤ ቀኑም ይከተል።

ሌላው፣ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ እናትህ የሚናዘዙት ግማሹን ነው። አባትህ ኑዛዜ ካልተዉ የእርሳቸው ግማሽ ለልጆቻቸው እኩል ይደርሳል። አራታችሁም የሁለቱ ልጆች ከሆናችሁ ከአባት አንድ ስምንተኛ፣ ከእናት አንድ ስምንተኛ፣ በድምሩ ለእያንዳንዳችሁ ሩብ ነው። አንዱ የእናት ብቻ ልጅ ከሆነ ግን እርሱ አንድ ስምንተኛ ብቻ ያገኛል፤ እናትህ ሊያስተካክሉት ከፈለጉ ከራሳቸው ግማሽ ለእርሱ አብልጠው መስጠታቸውን በግልጽ ይጻፉ።